ፍሬንች ፕሬስ በደሴ፦ ድፍርስ ያልሆነ ቡና ደረጃ በደረጃ

የአጎቴ ልጅ ከጅዳ ስትመለስ ፍሬንች ፕሬስ ይዛልኝ መጣች። የመስታወት ማሰሮ ነው። ክዳኑን አልፎ የሚወርድ ዘንግ አለው፤ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ክብ የብረት ወንፊት ተገጥሟል። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቡና ቆላሁ፣ እንደወትሮው ወቀጥኩ፣ ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው ፈላ ያለ ውሃ ጨምሬ 4 ደቂቃ ጠበቅኩ። ከዚያ ዘንጉን ልጫነው ብል እምቢ አለ። በሁለት እጄ ታግዬ አወረድኩት። ቀዳሁ።

አክስቴ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ስኒውን ወደ መስኮቱ አዘንብላ አየችው። ከሥሩ የቀረውን በጣቷ ጠርጋ አሳየችኝ። ጥቁር ጭቃ ነበር።

«ይቺ ቡና መች ሰከነችና ነው የቀዳሻት?» አለችኝ።

ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ይሄ ነበር። ጀበና ከእሳት ሲወርድ ማንም ወዲያው አይቀዳም። ማቶቱ ላይ ይቀመጣል፣ አተላው እስኪወርድ ይጠበቃል። እኔ ግን ወንፊት ስላለው ብቻ መስከን የማያስፈልገው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ወራት ስሞክር ቆይቼ የደረስኩበት ነገር አንድ ነው። ፍሬንች ፕሬስ ላይም ቡናውን የሚያጠራው መስከኑ ነው። ወንፊቱ የሚያግዘው ትልልቁን ፍርፋሪ ወደ ስኒ እንዳይወርድ በመያዝ ብቻ ነው።

ጭቃው ከየት ይመጣል?

ቡና ሲወቀጥም ሆነ ሲፈጭ እኩል አይደቅም። ከአንድ ሙቀጫ ውስጥ ስንዴ ለቅንጬ ሲሸረከት የሚመስል ፍርፋሪ ይወጣል፤ አብሮት ደግሞ እንደ ሽሮ የላመ ዱቄት ይወጣል። ልሙ ዱቄት ከፕሬሱ ወንፊት ቀዳዳ ያነሰ ስለሆነ ያልፋል። ወንፊቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ያልፋል።

ዘንጉን በኃይል ስትጫኑት ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ውሃው በጠባቡ ቀዳዳ እየተገፋ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ከታች የተኛውን ዱቄት ይዞ ይወጣል። እኔ ያን ቀን ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። የሰከነውንም በጥብጬ ነው የቀዳሁት።

ስኒያችሁ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ምላሳችሁ ይነግራችኋል። ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ኮርሸም የሚል ከሆነ ትልልቅ ፍርፋሪ ነው፤ ይሄ በወንፊቱ ጠርዝ በኩል ሾልኮ ያለፈ ነው። ወይ ጠርዙ ተጣሟል፣ ወይ ወንፊቱ ሲታጠብ በትክክል አልተገጠመም። አሸዋ ሳይሆን ለስላሳ ሆኖ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ፣ ስኒው ሥር ደግሞ እንደ ሊጥ የሚቀር ከሆነ ልሙ ዱቄት ነው። የሁለተኛው መፍትሄ ወቀጣው ላይና ጥበቃው ላይ ነው ያለው። አብዛኛው ሰው የሚቸገረውም በዚህኛው ነው።

ቡናው፦ ቆልቶ ማሳደር፣ መሸርከት፣ መንፋት

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቡናውን ዛሬ ማታ ቁሉትና ነገ ጠዋት ተጠቀሙበት።

እኛ ጋ ቡና ተቆልቶ ጭሱ ሳይበርድ ይወቀጣል። ለጀበና ችግር የለውም፤ እየፈላ ስለሚንተከተክ ይስተካከላል። አዲስ የተቆላ ቡና ግን ውስጡ ብዙ አየር አለ። ፕሬስ ውስጥ ውሃ ሲነካው ያን አየር እያወጣ ያብጣል፣ ወፍራም አረፋ ይሠራል፣ ቡናውም እንደ ቡሽ ላይ ላይ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈ ቡና ውሃው በደንብ አይገባውም። አይሰክንምም። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ አረፋው ይቀንሳል፤ ቡናውም ቶሎ ይሰምጣል። እንግዳ መጥቶ የግድ አሁን ከተቆላው መጠቀም ካለባችሁ ከታች የምነግራችሁን የመጀመሪያ ማርጠቢያ አትዝለሉት።

አቆላሉ መካከለኛ ይሁን። ቡኒ ሆኖ ዘይቱ ገና ሳይወጣ አውርዱት። ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ ቡና ቶሎ ይሰባበራል፤ ሲወቀጥ ዱቄቱ ይበዛል። ከዚያ በሰፌድ አንጠርጥሩትና ገለባውን አስወግዱ። ገለባው ቀላል ስለሆነ አይሰምጥም፤ ስኒ ውስጥ ሲንሳፈፍ ታዩታላችሁ።

አሁን ወቀጣው። ለጀበና ስንወቅጥ ዘነዘናውን ከፍ አድርገን እንጥላለን፤ ደግሞም እስኪልም እንደጋግመዋለን። ለፕሬስ እንዲህ አይሆንም። ሙቀጫው ውስጥ ትንሽ ትንሽ ቡና ጨምሩ፤ ታችኛው እስኪሸፈን ብቻ። ዘነዘናውን በአጭሩ እያነሳችሁ ፍሬውን ስበሩት። አታሽከርክሩት፣ አትፍጩት። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ከመታችሁ በኋላ አውጡትና ሌላ ጨምሩ። ብዙ ቡና በአንዴ ከተጨመረ ከላይ ያለው ሳይነካ ከሥር ያለው ይልማል።

የምትፈልጉት መጠን ከስኳር ቅንጣት ከፍ ያለ፣ ከቅንጬ ግን ያነሰ ነው። ቆንጥራችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እሹት። እያንዳንዱ ፍርፋሪ ለየብቻው ሊሰማችሁ ይገባል። ጣታችሁ ላይ ቡኒ ዱቄት ተለጥፎ ከቀረ ገና መነፋት አለበት ማለት ነው።

ለመንፋት ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ የሻይ ማጥለያ ይበቃል። የተወቀጠውን በማጥለያው ላይ እየቆነጠራችሁ ጨምሩና ጎኑን በቀስታ ምቱት። ከሥር የሚወርደው ልሙ ነው፤ ለብቻው አስቀምጡት፣ እንዳትጥሉት። ማጥለያው ላይ የቀረው ለፕሬስ ነው። ከመካከሉ ግማሽ ፍሬ የሚያክል ካያችሁ ለቅማችሁ ወደ ሙቀጫው መልሱ። እኔ 40 ግራም የተቆላ ቡና ስወቅጥ፣ ከነፋሁት በኋላ 30 ግራም ገደማ ሽርክት ይተርፈኛል። ቀሪው ልም ነው። መጀመሪያ አካባቢ ግን ከግማሽ በላይ ይልምብኝ ነበር። እጅ እየለመደ ሲሄድ ይስተካከላል።

ገበያ ወስዳችሁ የምታስፈጩ ከሆነ «ሽርክት አድርግልኝ፣ ለጀበና አይደለም» በሉት። ወፍጮው ውስጥ ከፊተኛው ሰው የቀረ ልም ስለሚኖር መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ እፍኝ ለብቻ ተቀበሉ። ቤት ውስጥ ቢላ ያለው የኤሌክትሪክ መፍጫ ካላችሁ ደግሞ ቁልፉን ተጭናችሁ አትቆዩ። ለሁለት ሰከንድ ጫን፣ ለቀቅ፣ አነቃነቅ፤ ከአምስት ስድስት ዙር በኋላ አቁሙ። በዚህም ቢሆን መንፋቱ አይቀርም።

ውሃው፦ ደሴ ላይ አትጠብቁ

የፕሬሱ መመሪያ «ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ይብረድ» ይላል። ይሄ የተጻፈው ባሕር አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ትንሽ ሲበርድ 95 አካባቢ ይደርሳል፤ ለቡና ጥሩ ነው።

ደሴ ግን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ እኛ ቤት ውሃ እየተንተከተከ እንኳ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ እንዲሞቅ ብትፈልጉም አይሞቅም። ግማሽ ደቂቃ ስታቆዩት፣ ከዚያ ቀዝቃዛ መስታወት ውስጥ ስትጨምሩት፣ 85 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። ቡናው ሳይወጣለት ይቀራል፤ ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል። እኔ ለሳምንታት «የዚህ ዕቃ ቡና ለምን ይኮመጥጣል?» እያልኩ ቡናውን ስቀይር ነበር። ጥፋቱ የውሃው ነበር።

ቁልቁል ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ውሃው እዚያ 94 አካባቢ ይፈላል። ለእነሱም ቢሆን መጠበቅ አያስፈልግም። ማንቆርቆሪያው እየተንተከተከ ከእሳት አውርዳችሁ ወዲያው ጨምሩ።

ከዚያ በፊት ግን ፕሬሱን አሙቁት። ግማሽ ድረስ ፈላ ያለ ውሃ ጨምራችሁ፣ ወንፊቱንም አስገብታችሁ፣ አንድ ደቂቃ አቆዩትና ድፉት። መስታወቱ ቀዝቃዛ ከሆነ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ አስነኩት። በክረምት ጠዋት ቀጥታ ፈላ ያለ ውሃ የተደፋበት መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

መጠኑ

ለ500 ሚሊ ሊትር ውሃ 30 ግራም ቡና። ሚዛን ከሌላችሁ ትክክል የተላጨ የሾርባ ማንኪያ ሽርክት ቡና 5 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ስድስት ማንኪያ። ውሃውን ደግሞ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ስፈሩት። ቀዝቃዛውን ነው ታዲያ የምትሰፍሩት። ፕሬሱን ለማሞቅና በእንፋሎት ለሚያልቀው አንድ ብርጭቆ ጨምሩበት። መጀመሪያ ጊዜ ላይ 500 ሚሊ ሊትር ፕሬሱ ውስጥ የት ድረስ እንደሚደርስ በቀዝቃዛ ውሃ ለክታችሁ፣ ውጪው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ከዚህ ስንት ስኒ ይወጣል? ቡናው ራሱ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ መጥጦ ያስቀራል። ሥር ላይ የምንተወው ደግሞ ሌላ 50 ወይም 60 ነው። የሚቀረው ለእኛ ስኒ አምስት ይሆናል። የፕሬሱ ካርቶን ላይ የተጻፈውን የስኒ ቁጥር አትመኑ፤ የእነሱ ስኒና የእኛ ስኒ አንድ አይደለም።

አፈላሉ

ስልካችሁ ላይ ሰዓት መቁጠሪያውን ክፈቱ። በግምት አትሥሩ፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ጊዜያት።

ቡናውን ያሞቃችሁት ፕሬስ ውስጥ ጨምሩና ነቅነቅ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ሰዓቱን አስጀምሩ። መጀመሪያ ቡናውን ለማርጠብ ያህል ብቻ ውሃ አፍስሱ፤ ከመቶ ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ያብጣል፣ አረፋ ይዞ ይነሳል። በእንጨት ማንኪያ አንድ ሁለት ጊዜ አገላብጡት። ደረቅ ሆኖ የቀረ ቡና እንዳይኖር ነው። ግማሽ ደቂቃ ሲሞላ የቀረውን ውሃ እስከ ምልክቱ ድረስ ጨምሩ። በዚህ ጊዜ ማንቆርቆሪያው እሳቱ ላይ መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ እዚያው ይበርዳል።

ክዳኑን ግጠሙበት፤ ዘንጉ ግን ወደ ላይ እንደተሳበ ይቆይ። የደሴ ብርድ መስታወት ላይ አይራራም፤ ፕሬሱን በፎጣ ወይም በነጠላ ጠቅልሉት። እኔ አሮጌ ጋቢ ቆርጬ ልኩን ሰፍቼለታለሁ።

4 ደቂቃ ሲሞላ ክዳኑን አንሱ። ላይ ላይ ቡኒ ሽፋን ታያላችሁ፤ ፍርፋሪና አረፋ ተያይዞ የሠራው ነው። በማንኪያው ጀርባ ሦስት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ስበሩት። ወደ ታች ድረስ አትቆፍሩ። ሽፋኑ ሲሰበር አብዛኛው ቡና አየሩን ለቆ ይሰምጣል። በዓይናችሁ ሲወርድ ታዩታላችሁ፤ መስታወት መሆኑ እዚህ ላይ ደስ ይላል። ላይ የሚቀረው ነጣ ያለ አረፋና ጥቂት ግትር ፍርፋሪ ነው። ይሄን በሁለት ማንኪያ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ገፍፋችሁ አውጡት። አረፋው ውስጥ ብዙ ልም ተይዟል። አፋችሁ ላይ ብታደርጉት ይመራል፣ ያፍናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ክዳኑን መልሳችሁ ሌላ 5 ደቂቃ አቆዩት። አትነቅንቁት፣ ወደ ሌላ ጠረጴዛ አታዛውሩት። «ብዙ ከቆየ አይመርም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ውሃው እየበረደ ስለሚሄድና ፍርፋሪው ትልልቅ ስለሆነ ከ4 ደቂቃ በኋላ የሚወጣው ነገር በጣም አዝጋሚ ነው። ልሙን ካስወገዳችሁ 10 ደቂቃ ቢቆይ አይመርም። ሳይነፋ ከሆነ ግን በእርግጥ ይመራል። ይሄን ሳይጫኑ አቆይቶ የማስከን ዘዴ በስፋት ያስተዋወቀው የ2007 የዓለም ባሪስታ ሻምፒዮኑ እንግሊዛዊ ጄምስ ሆፍማን ነው። ለአክስቴ ብነግራት ጀበናዋን እያሳየችኝ «እኛስ ምን ስናደርግ ኖርን?» ነበር ያለችኝ። እውነቷን ነው።

9 ደቂቃ ተኩል ሲሆን ዘንጉን በቀስታ አውርዱ። እስከ ታች አይደለም! ወንፊቱ የቡናውን ገጽ ነክቶ ትንሽ ሲጠልቅ አቁሙ። ወንፊቱ እዚያው ላይ ሆኖ ተንሳፋፊውን ይያዝ፤ ከሥር የተኛውን አይነካውም። ዘንጉን ታች ድረስ መጫን የለመደ ሰው እዚህ ላይ እጁ ያሳክከዋል። ይታገሥ።

አቀዳዱ

ይሄኛውን ክፍል ከጀበና ነው የወሰድኩት።

ጥሩ ቡና ቀጂ ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹን አጠጋግታ ትደረድራለች። ጀበናውን አንዴ ካዘነበለች በኋላ ቀና አታደርገውም። ክሩ ሳይቋረጥ ከስኒ ስኒ ታሻግረዋለች። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም። በየስኒው ጀበናው ቀና ዘንበል ካለ ከሥር ያለው አተላ ይታወካል።

ፕሬስም እንደዚያው ነው። አምስቱን ስኒዎች ጠርዝ ለጠርዝ አጠጋጉ። ፕሬሱን በቀስታ አዘንብላችሁ በቀጭኑ ቅዱ። ስኒው ሲሞላ ፕሬሱን ሳታቀኑ ወደሚቀጥለው ተሻገሩ። ረከቦቱ ላይ ጥቂት ጠብታ ቢፈስ ይፍሰስ። ወደ መጨረሻ ላይ ዓይናችሁ አፉ ላይ ይሁን። ሲወርድ የነበረው ጥርት ያለ ቡና ሲደፈርስ ታያላችሁ። እዚያ ጋ አቁሙ። ሁለት ጣት ያህል ከሥር ይቀራል፤ አንድ ስኒ ይሞላልና ያሳዝናል። ግን ስትጨምሩት አምስቱንም ታበላሻላችሁ።

በአንዴ የማትጨርሱት ከሆነ የቀረውን ፕሬሱ ውስጥ አታቆዩት፤ ወደ ሞቀ ፔርሙስ ገልብጡት። ከአተላው ጋር የቆየ ቡና እያደረ ይመራል። ጤና አዳም የምትወዱ ደግሞ ቅጠሏን ስኒው ላይ ጣል አድርጉ። ፕሬሱ ውስጥ ከገባች ሽታዋ ወንፊቱ ላይ ለቀናት ይቀራል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ቡና እንደ ጀበና አያቃጥልም። 10 ደቂቃ ቆይቷልና ሙቀቱ ለመጠጣት የሚመች ነው። ስኒዎቹን በፈላ ውሃ አሙቋቸው፤ ልዩነቱ ይሰማል። ቡና ከንፈር ካልላጠ ቡና አይደለም ለሚል ሰው ግን ፕሬስ አይሆነውም።

ሲበላሽ ምን ታያላችሁ?

ዘንጉ ከመጀመሪያው እንቢ ካለ ቡናው ልሟል ማለት ነው። እንዳትታገሉት። በኃይል የተጫነ ፕሬስ ፈላ ያለ ቡና በጎን ሊረጭ ይችላል፤ መስታወቱም ሊሰበር ይችላል። ዘንጉን መልሳችሁ ሳቡ፣ ሦስት አራት ደቂቃ ጨምራችሁ አስክኑት፣ ከዚያ በሻይ ማጥለያ ቅዱ። ለዚያ ቀን ያድናችኋል።

ጣዕሙ ቀጭንና ኮምጣጣ ከሆነ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ፤ ቀጥሎ የፍርፋሪውን ትልቀት። ከመረረና አፍ ካደረቀ ልሙን ጠርጥሩ፤ ቀጥሎ አቆላሉን። የቡናውን መጠን መጨረሻ ላይ ንኩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቡና መጨመር ነው፤ ድፍርስ ላይ ቡና ቢጨመር ድፍርሱ ነው የሚወፍረው።

ሁሉንም በትክክል ሠርታችሁ አሁንም አሸዋ ከተሰማችሁ ወንፊቱን ፍቱት። ከዘንጉ ጫፍ ይሽከረከራል። ሦስት ክፍሎች ታገኛላችሁ፤ ጠርዙ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት ሳህን፣ ቀጭኑ ወንፊት፣ ከሥር የሚይዘው ቀዳዳማ ብረት። ወንፊቱ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። ጠርዙን በጣታችሁ ዙሩበት፤ የተበተነ ወይም የተጣመመ ካለ ቀስ ብላችሁ ወደ ቦታው መልሱት። እኔ አንድ ጊዜ ቅደም ተከተሉን አዛብቼ ገጥሜ ሁለት ሳምንት ፍርፋሪ ጠጥተናል።

በየቀኑ ወንፊቱን ፈትታችሁ በትንሽ ሳሙና እጠቡት። ዘይቱ በክፍሎቹ መካከል ይቀራል፤ ከቆየ ይሻግታል። አዲሱም ቡና የአሮጌ ዘይት ሽታ ይሸታል። አተላውን ደግሞ ማጠቢያው ውስጥ አትድፉ፤ ቧንቧውን ይደፍናል። ጓሮ ያላችሁ አትክልት ሥር ድፉት።

ቶናውስ?

ይሄ ጥያቄ እኛ ቤት ከባድ ነበር። አወል ተጠጥቶ ቶናና በረካ ሳይከተል ቡና ተጠጣ አይባልም። ፕሬሱ ላይ ውሃ ደግሜ ሞክሬያለሁ፤ አይሆንም። ጀበና ቶናውን የሚያወጣው ዱቄቱ የላመ ስለሆነና እንደገና ስለሚፈላ ነው። ፕሬስ ውስጥ ያለው ሽርክት ግን 10 ደቂቃ ተነክሮ ጥሩ ጥሩውን ሰጥቶ ጨርሷል። ሁለተኛ ውሃ ሲጨመርበት የሚወጣው ቢጫ፣ እንጨት እንጨት የሚል ነገር ነው።

ቀደም ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ልም አሁን አምጡት። ከ40 ግራሙ የተነፋው 10 ግራም ገደማ ለአንድ ትንሽ ጀበና ይበቃል። የፕሬሱ ቡና እየሰከነ ባለበት 5 ደቂቃ ውስጥ ጀበናውን ጣዱት። አወሉ ከፕሬሱ ሲጠጣ ጀበናው ይፈላል፣ ይወርዳል፣ ማቶቱ ላይ ይሰክናል። አክስቴ ቶናውን ራሷ ነው የምትቀዳው። ለፕሬሱ ግን አሁን እሷ ናት ሰዓት የምትይዘው።